የቆየ የአማርኛ ገጽ ስካን ሲጸዳ "ሸጠ" ወደ "ሰጠ" እንዳይለወጥ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ ትንሽ መጽሐፍ ይዞ መጣ። አባቱ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሟት የቤተሰብ ታሪክ ናት፤ 64 ገጽ አላት። ወረቀቷ ቢጫ ሆኗል፣ ጥራዟ ላልቷል። ወዳጄ ቀድሞ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ "ጽድት ያለ" ስካን አሠርቶ ነበር። ፒዲኤፉን ስከፍተው እውነትም ጸድቷል። ወረቀቱ እንደ ወተት ነጭ፣ ፊደሉ ድብን ያለ ጥቁር። 12ኛው ገጽ ላይ ግን "ቤቱን ለታናሽ ወንድሙ ሰጠ" የሚል አነበብኩ። መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። "ሸጠ" ነው የሚለው።

የጠፋችው የሸ ሰረዝ ናት። ያቺ ከላይ የተጋደመች ቀጭን መስመር ስትሄድ የቤት ሽያጭ ስጦታ ሆነ። በውርስ ጉዳይ ቤተሰብ የተጣላ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ያውቃል።

ስካን ለማጽዳት መንገዱ ብዙ ነው። የስልክ አፕ አለ፣ ነጻ ፕሮግራም አለ፣ ሁለት መስመር ኮድ አለ። ሁሉም ወረቀቱን ያነጣሉ። ለእኛ ፊደል ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የወረቀቱ ንጣት አይደለም። ስለዚህ መመዘኛውን ላስቀድም።

## በምን እንመዝን?

የፊደላችን ጠባይ ይታወቃል። ሰባቱ የድምፅ ለውጦች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በአንዲት ጭረት፣ በአንዲት ቀለበት ወይም በአንድ እግር ማጠር ነው። ስካን የሚያበላሸውም እነዚህኑ ነው። እኔ ማንኛውንም መንገድ የምፈትነው በአራት ቦታዎች ነው።

የመጀመሪያው የራስ ሰረዝ ነው። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ፣ ዘ እና ዠ፣ ተ እና ቸ የሚለዩት በእሱ ነው። ሰረዙ በሁለት መንገድ ይጠፋል። ወይ ፈዝዞ ይሰረዛል፣ ወይ ከታቹ ካለው ቅስት ጋር ተጣብቆ ወፍራም ሰ ይመስላል።

ሁለተኛው የቀኝ እግር ቅጥያ ነው። ካዕቡ ቅጥያውን መሃል ላይ ያደርጋል፣ ሣልሱ ታች ላይ፣ ኃምሱ ደግሞ ታች ላይ ቀለበት ይሠራል። ቱ፣ ቲ፣ ቴ። "ቤቱ" የሆነ ሰው ቤት ነው፣ "ቤቴ" የእኔ ቤት ነው፣ "ቤቲ" ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ልትሆን ትችላለች። የቴ ቀለበት በቀለም ከተሞላ ቲ ይሆናል። ቅጥያው ጭራሽ ከተበላ ተ ይቀራል።

ሦስተኛው የእግር ርዝመት ነው። ባ እና ቦ፣ ሳ እና ሶ የሚለያዩት የትኛው እግር እንደረዘመ በማየት ነው። የእግሩ ጫፍ ከተበላ ሁለቱም ወደ ግዕዙ ይጠጋሉ።

አራተኛው ነጥቦች ናቸው። የድሮ መጽሐፍ በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያስቀምጣል፤ ዓረፍተ ነገሩን በአራት ነጥብ ይዘጋል። ለማጽጃ ፕሮግራም ነጥብና የዝንብ ኩስ አንድ ናቸው። እሱ "አቧራ አነሳሁ" ሲል ቃላት እርስ በርስ ይጋጠማሉ።

አምስተኛ ልጨምር ካላችሁ፣ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል ወይ የሚለው ነው። ግራጫ ሆኖ የቆየ ገጽ ነገ እንደገና ሊሠራ ይችላል። አንዴ ጥቁርና ነጭ ብቻ ከሆነ ግን አለቀ። የተሰረዘችውን ሰረዝ ከዚያ ፋይል ማንም አያወጣትም።

## ከማጽዳት በፊት፦ ስንት ዲፒአይ?

የወዳጄን መጽሐፍ በማስመሪያ ለካሁት። የፊደሉ ቁመት 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የሸ ሰረዝ ውፍረት በማጉያ መነጽር ሲገመት 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የቴ ቀለበት ባዶ ቦታ 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ዲፒአይ ማለት በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያዙት ፒክሰሎች ብዛት ነው። በ200 ዲፒአይ አንድ ሚሊ ሜትር ወደ 8 ፒክሰል ይሆናል። ሰረዙ አንድ ፒክሰል ከትንሽ፣ የቀለበቱ ሆድ ደግሞ ሁለት ፒክሰል ከትንሽ ይደርሰዋል ማለት ነው። በ300 ዲፒአይ ሰረዙ ወደ 2፣ ቀለበቱ 3 ተኩል ይጠጋል። በ600 ዲፒአይ ሰረዙ 3 ተኩል፣ ቀለበቱ 7 ይሆናል።

አንድ ፒክሰል ላይ የቆመ ሰረዝ ዕድሉ የተንጠለጠለ ነው። ፒክሰሉ መሃል ላይ ካረፈ ጥቁር ይሆናል፤ በሁለት ፒክሰል መካከል ከተከፈለ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማጽጃ ግራጫዋን ከወረቀቱ ይቆጥራታል። ስለዚህ ለተራ መጽሐፍ ፊደል ከ400 በታች አልወርድም። ለጋዜጣና ለግርጌ ማስታወሻ 600 እጠቀማለሁ። 1200 ላይ መውጣት ግን ብዙ ርካሽ ስካነሮች ላይ ፋይል ማሳበጥ ብቻ ነው፤ ፒክሰሉን መስተዋቱ ሳይሆን ፕሮግራሙ ነው የሚፈጥረው።

የዚህችን መጽሐፍ ዓይነት የኤ5 ገጽ በ600 ዲፒአይ ግራጫ ስካን ሳይታመቅ 17 ሜጋባይት አካባቢ ይይዛል። 64ቱ ገጽ ከአንድ ጊጋባይት ትንሽ ያልፋል። ፍላሽ ላይ ይገባል። ስለዚህ ስካነሩን ግራጫ ወይም ባለ ቀለም ላይ አድርጉት፤ ጥቁርና ነጭ የሚለውን አትንኩ። ስካነሩ ራሱ ጥቁርና ነጭ ሲያደርግ በችኮላ ነው የሚወስነው፣ እናንተም የምታርሙበት ነገር አይተርፍም።

## የስልክ አፕ

ከሁሉም ፈጣኑ ይህ ነው፣ አብዛኛው ሰው የሚጠቀመውም እሱን ነው። ባለ 12 ሜጋፒክሰል ስልክ አንድ የኤ5 ገጽ ሞልቶ ሲያነሳ ወደ 480 ዲፒአይ የሚጠጋ ምስል ይሰጣል። ሁለቱን ገጽ አንድ ላይ ካነሳችሁ ግን ከ400 በታች ትወርዳላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ችግሩ ከካሜራው ይልቅ ከኋላ ያለው ማጣሪያ ነው። አፑ "ጥቁርና ነጭ" ወይም "ሰነድ" የሚለውን ሲመርጥላችሁ ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሠራል። ወረቀቱን ያነጣል፣ ጠርዙን ያሰላል፣ ከዚያ በጄፒግ አጥብቆ ያምቀዋል። ጠርዝ ማሳሉ ወፍራሙን እግር ያሳምረዋል። የቴን ቀለበት ግን ይሞላዋል። ማመቁ ደግሞ በቀጭን ጭረት ዙሪያ ጉም የመሰለ ነገር ይተዋል። የትኛው በምን ያህል እንደተሠራ አይነግራችሁም፣ ማስተካከያም የለውም።

አፑን የምትጠቀሙ ከሆነ ማጣሪያውን አጥፍታችሁ ዋናውን ፎቶ አስቀምጡ። ገጹን መስኮት አጠገብ በጎን ብርሃን አንሱት። ፍላሹ ይጥፋ። ጽዳቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ትሠሩታላችሁ።

## አንድ መቁረጫ ለሙሉ ገጽ

ኮምፒውተር እያንዳንዱን ፒክሰል ከ0 እስከ 255 በሆነ ቁጥር ይይዛል፤ 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ ነው። ጥቁርና ነጭ ማድረግ ማለት አንድ መቁረጫ ቁጥር መርጦ ከሱ በታች ያለውን ጥቁር፣ በላይ ያለውን ነጭ ማለት ነው። ቁጥሩን በራሱ የሚመርጠው በጣም የታወቀው ዘዴ የኖቡዩኪ ኦትሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ ነው፣ ዛሬም በየፕሮግራሙ ውስጥ ተቀብሮ ይገኛል።

ለአዲስ ነጭ ወረቀትና ለሌዘር ፕሪንተር ጽሑፍ በቂ ነው። ለድሮ መጽሐፍ ግን እኛ ላይ የደረሰውን ተመልከቱ። ገጽ 12 ላይ የወረቀቱ ቁጥር 205 አካባቢ ነበር። የደማቁ እግር ቀለም 70። የሸ ሰረዝ ግን ቀጭንና የተፋቀች ስለሆነች 165 ነበረች። ኦትሱ ለገጹ የመረጠው መቁረጫ 140 አካባቢ መጣ። 165 ከ140 በላይ ነው። ስለዚህ ሰረዟ "ወረቀት" ተባለች፣ "ሸጠ"ም "ሰጠ" ሆነ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስካን ላይ የሆነውም ይኸው ይመስለኛል።

ቁጥሩን በእጅ ወደ 175 ብናነሳውስ? ሰረዟ ትመለሳለች። ነገር ግን በጥራዙ በኩል፣ ጥላ ባለበት፣ ወረቀቱ ራሱ 130 ነው። ያ ሁሉ ጥቁር ይሆናል። አንድ ቁጥር ለሙሉ ገጽ ሲሠራ ሁልጊዜ አንዱን ለማዳን ሌላውን መስጠት ነው።

## የአካባቢ መቁረጫ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ሥራ የሚያልቀው በዚህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለሙሉ ገጹ አንድ ቁጥር ከመምረጥ ይልቅ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ዙሪያውን አይቶ የራሱን ቁጥር መስጠት ነው። ጥላ ውስጥ ያለው በጥላው ይመዘናል፣ ብርሃን ላይ ያለው በብርሃኑ። በጣም የሚጠቅመው የሳውቮላ ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ። የአካባቢውን አማካይ ይወስዳል፣ ፒክሰሎቹ ምን ያህል እንደሚለያዩ ያያል፣ ከዚያ መቁረጫውን ከአማካዩ ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጣል። ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ የሚወስነው k የምትባል ቁጥር ናት።

የሸን ሰረዝ የምታድናትም የምትገድላትም ይህች k ናት። በዚያች ሸ ዙሪያ አማካዩ 190፣ ልዩነቱ 35 ነበር። k 0.2 ሲሆን መቁረጫው 162 ላይ ይወድቃል። ሰረዟ 165 ናት። ለሦስት ቁጥር አመለጠች! ዘመናዊ ዘዴ ተጠቅሞም ሰው "ሰጠ" ሊያነብ ይችላል። k 0.1 ሲሆን መቁረጫው 176 ይሆናል፣ ሰረዟም ትተርፋለች። "ታዲያ ወደ 0.05 ለምን አላወርደውም?" ብላችሁ እንደሆነ፣ መቁረጫው 183 ይደርሳል። ከገጹ ጀርባ የሚያሳብረው ጽሑፍ 180 ነበር። እሱም ተነስቶ ጥቁር ይሆንና ገጹ የሁለት መጽሐፍ ድብልቅ ይመስላል።

ስለዚህ የመጽሐፉን አንድ አስቸጋሪ ገጽ ወስዳችሁ k ከ0.08 እስከ 0.2 ባለው ውስጥ አራት ጊዜ ሞክሩ። የመስኮቱ፣ ማለትም በፒክሰሉ ዙሪያ የሚታየው አካባቢ፣ ስፋት ደግሞ ከአንድ ፊደል ያላነሰ፣ ቢቻል ወደ ሁለት ፊደል የሚጠጋ ይሁን። በ600 ዲፒአይ አንድ ፊደል 60 ፒክሰል ስለሚሆን እኔ 101 አድርጌዋለሁ። መስኮቱ በጣም ከጠበበ ወፍራሙ እግር ውስጡ ባዶ ሆኖ ይወጣል።

ፓይተን ለምታውቁ ይህ ይበቃል፦

```
import cv2
from skimage.filters import threshold_sauvola
g = cv2.imread("p12.png", 0)
t = threshold_sauvola(g, window_size=101, k=0.1)
cv2.imwrite("p12_bw.png", ((g > t) * 255).astype("uint8"))
```

ኮድ የማይሆንላችሁ ScanTailor Advanced ን ውሰዱ። ነጻ ነው፣ ገጽ ያቀናል፣ ጠርዝ ይቆርጣል፣ ሳውቮላም አለው። አንድ ነገር ብቻ አደራ። Despeckle የሚለውን አቧራ ማንሻ አጥፉት፤ ካልሆነ ከሁሉ የለዘበውን ብቻ ምረጡ። በ300 ዲፒአይ የሁለት ነጥብ አንዱ ነጥብ ዲያሜትሩ 4 ፒክሰል ገደማ ነው። ጠንካራውን ስትመርጡ መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። አራት ነጥብ ሁለት ነጥብ ሆኖ ሲቀር ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን በምን ታውቃላችሁ?

ገጹ ከተጣመመ ማቃናቱም ቀድሞ በግራጫው ላይ ይሁን። ጥቁርና ነጭ ከሆነ በኋላ ማዞር የጭረቱን ጠርዝ እንደ ደረጃ ያደርገዋል፣ ቅጥያውም ይሰበራል።

## ጀርባውን ብቻ ማንሳት፣ ግራጫውን መተው

የኔ ምርጫ ለማንበቢያ ቅጂ ይህ ነው። የገጹ ብዥ ያለ ቅጂ ይሠራል። ፊደሉ ጠፍቶ የወረቀቱ እድፍና ጥላ ብቻ ይቀራል። ከዚያ ዋናው ገጽ በዚያ ብዥታ ይካፈላል። ወረቀቱ በየትም ቦታ ነጭ ይሆናል፣ ቀለሙ ግን ግራጫነቱን እንደያዘ ይቆያል። ImageMagick በሚባለው የምስል ፕሮግራም አንድ ትእዛዝ ነው፦

```
convert p12.png \( +clone -blur 0x40 \) -compose Divide_Src -composite p12_g.png
```

ቁጥሩን እንይ። መሃል ገጽ ላይ ወረቀቱ 205፣ ሰረዟ 165 ነበሩ። ሲካፈል ወረቀቱ ወደ 255 ይሄዳል፣ ሰረዟ 205 ገደማ ትሆናለች። በጥራዙ በኩል ወረቀቱ 130፣ ሌላ ተመሳሳይ ሰረዝ 105 ነበረች፤ እሷም ወደ 206 ትመጣለች። ሁለቱም ፈዛዛ ግራጫ ሆነው ይታያሉ። ዓይን እንደዚህ ያለውን ግራጫ ያለ ችግር ያነባል፣ "ሸ" እንደ "ሸ" ይቀራል።

ከዚያ GIMP በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ Levels ከፍታችሁ የመካከለኛውን ተንሸራታች ወደ 0.7 አካባቢ ብታወርዱ ቀለሙ ይደምቃል። የነጩን ተንሸራታች ግን ተጠንቀቁ። ወደ 205 ከሳባችሁት ሰረዟን በእጃችሁ ትሰርዟታላችሁ። ከ230 በታች አልወርድም። ብዥታው ከፊደሉ ቁመት ጋር መመጣጠን አለበት፤ ካነሰ ፊደሉ ራሱ ከጀርባው ተቆጥሮ ይፈዛል። 40 የሚለው ለ600 ዲፒአይ ነው፤ በ300 ላይ 20 ይበቃል።

ጉዳቱ የፋይሉ መጠን ነው። ከጀርባ የሚያሳብር ጽሑፍም ሙሉ በሙሉ አይሄድም።

## ባለ ቀለም ስካን ካላችሁ

ወረቀቱ በቡና ወይም በእርጥበት ቢጫና ቡናማ ከሆነ ከሦስቱ ቀለማት ቀዩን ብቻ ወስዳችሁ ግራጫ አድርጉት። ቢጫው በቀዩ ውስጥ ይነጣል፣ ጥቁሩ ቀለም ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በብራና ላይ ግን ተቃራኒው ነው። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈ ከሆነ ቀዩን ብትወስዱ ስሙ ጭራሽ ይጠፋል። እዚያ አረንጓዴውን ውሰዱ። ቀይ ማኅተም የተረገጠበት ውል ላይ ደግሞ ቀዩን መውሰድ ማኅተሙን አደብዝዞ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ያወጣዋል። ማኅተሙ ማስረጃ መሆኑን አትርሱና ባለ ቀለሙን ፋይል አብራችሁ አስቀምጡ።

## ምስል "የሚያጎሉ" አዳዲስ መሣሪያዎች

በሰው ሠራሽ አስተውሎት ትንሽ ምስል አጉልተው ጥርት የሚያደርጉ አሉ። ለፎቶ ደስ ይላሉ። ለፊደል ግን አልመክርም። በምስሉ ውስጥ የሌለውን ነገር "መሆን ያለበት ይህ ነው" ብለው ይስላሉ፤ ብዙዎቹ የሠለጠኑት ደግሞ በአማርኛ ፊደል አይደለም። የፈዘዘ ቴ ሰጥታችሁ ያማረ ቲ ሊመልሱላችሁ ይችላሉ። ብዥ ያለ ፊደል ቢያንስ ያስጠረጥራል፤ ይኼኛው ግን ጥርት ብሎ ስለሚወጣ ማንም አይጠረጥረውም።

## ጠቅለል ያለ ሰንጠረዥ

| መንገድ | የራስ ሰረዝ | የኃምስ ቀለበት | ነጥቦች | ጥላና እድፍ | ወደ ኋላ ይመለሳል? |
|---|---|---|---|---|---|
| የስልክ አፕ ማጣሪያ | አይታመንም | ብዙ ጊዜ ይሞላል | ይጠፋሉ | ያነሳል | ዋናው ፎቶ ካለ ብቻ |
| አንድ መቁረጫ ለገጹ | የፈዘዘው ይጠፋል | ደህና | ደህና | ጥላው ይጠቁራል | አይመለስም |
| ሳውቮላ፣ k ተፈትኖ | ይተርፋል | ይተርፋል | Despeckle ከጠፋ ይተርፋሉ | ያነሳል | አይመለስም |
| ጀርባ ማካፈል፣ ግራጫ | በደንብ ይታያል | በደንብ ይታያል | ይተርፋሉ | ያነሳል | ይመለሳል |
| በአስተውሎት ማጉላት | ይፈጠራል | ይለወጣል | አይታመኑም | ያነሳል | አይመለስም |

## ለማን የትኛው?

ገንዘብም ጊዜም የሌለው፣ ስልክ ብቻ ያለው ሰው አንድ ገጽ በአንድ ፎቶ ያንሳ፣ ማጣሪያ ይተው፣ በነጻ GIMP ውስጥ Levels ን ቀስ አድርጎ ይነካካ። ለቤተሰብ ለማንበብ ይበቃል።

ውል፣ የውርስ ወረቀት፣ የፍርድ ቤት ሰነድ የያዘ ሰው ጥቁርና ነጭ አያድርገው። ጠፍጣፋ ስካነር ላይ በ600 ዲፒአይ፣ በቀለም ያስቀምጥ። የሚያጸዳው ቅጂውን እንጂ ዋናውን አይሁን።

መጽሐፍ በሌዘር ፕሪንተር መልሶ ማባዛት የሚፈልግ ሰው ጥቁርና ነጭ ያስፈልገዋል፤ ግራጫው ሲታተም በጥቃቅን ነጥብ ይሠራና ፊደሉን ያሻክረዋል። ሳውቮላ በ600 ዲፒአይ የሱ ነው።

ጽሑፉን በኮምፒውተር አስነብቦ ወደ ጽሑፍ ፋይል መቀየር የሚፈልግ ደግሞ ለTesseract የተካፈለውን ግራጫ ይስጥ። ፕሮግራሙ በውስጡ የራሱን መቁረጫ ይሠራል፤ ካልነገራችሁት ኦትሱን ነው የሚጠቀመው። ከ5ኛው እትም ጀምሮ ሳውቮላን ማዘዝ ይቻላል፣ የራሱ መነሻ k 0.34 ስለሆነ ግን ዝቅ አድርጉት፦

```
tesseract p12_g.png p12 -l amh --psm 6 -c thresholding_method=2 -c thresholding_kfactor=0.1
```

ፒዲኤፍ ስታደርጉ አንድ የመጨረሻ ወጥመድ አለ። ጄቢግ2 የሚባለው አማቂ በሁለት ዓይነት ይሠራል። መረጃ የማይጥለው ምንም አይጎዳም። መረጃ የሚጥለው ግን ተመሳሳይ የመሰሉትን ፊደላት አንድ ቅርጽ ብቻ አስቀምጦ በሁሉም ቦታ ያንኑ ይለጥፋል። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ አንዳንድ የቢሮ ስካነሮች በዚሁ ምክንያት 6ን በ8 እየተኩ እንደሚያወጡ አሳይቷል። 6 እና 8 ከተምታቱበት ቲ እና ቴ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ አስቡት።

## በምን አውቃለሁ?

ጽዳት ከመጀመራችሁ በፊት ከመጽሐፉ አምስት ቦታ ምረጡ። አንድ ሸ ወይም ኘ፣ አንድ ቴ ወይም ሌ፣ አንድ ባ ከቦ ጋር፣ አንድ አራት ነጥብ፣ እና ከጥራዙ አጠገብ አንድ መስመር። ከጸዳ በኋላ በ400 ከመቶ አጉልታችሁ ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ስካኑን ከስካን ጋር አታወዳድሩ፤ ሁለቱም አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ። እኔ የምሠራው ቀላል ነገር አለ። ከአንድ ገጽ ላይ ሸ የያዙትን ቃላት ሁሉ ከመጽሐፉ ላይ እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ከስካኑ ላይ። ቁጥሩ ከጎደለ k ትልቅ ነው ማለት ነው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የወዳጄን መጽሐፍ በዚህ መንገድ ጨርሰናል። ለማንበብ ግራጫው፣ ለማባዛት ሳውቮላ በ0.1። ገጽ 12 ላይ "ሸጠ" ተመልሷል። አንድ ቃል ብቻ አቃተን፣ ገጽ 41 ላይ። "መሬቱን" ይሁን "መሬቴን" አይለይም፤ ሲታተም ቀለም ፈስሶ የፊደሉን ቀኝ በኩል ከላይ እስከ ታች ሸፍኖታል። በ600ም በ1200ም አየሁት፣ ወረቀቱ ላይ ራሱ የለም። ምስሉን እንዳለ ተውኩትና ኅዳጉ ላይ የጥያቄ ምልክት አደረግሁ። ወዳጄ ታላቅ እህቱን ደውሎ ጠየቃት። እሷም ሳታቅማማ "መሬቴን ነው እንጂ፣ አባባ ስንቴ ነግረውናል!" አለችው።